አንብበው ካልመጡስ?

«ጋሼ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል፣ 48 ተማሪ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። ዘንድሮ ተማሪዎቼ ቤታቸው አንብበው ይምጡ፣ ክፍል ውስጥ አብረን ጥያቄ እንሥራ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ሲል ነበር። አሁን ግን ግማሾቹ ሳያነቡ ይመጣሉ። እነሱን ላስረዳ ስል ሰዓቱ ያልቃል። ግሩፕ ሳደርጋቸው ደግሞ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ባልደረቦቼ ‹ዝም ብለህ አስተምር› ይሉኛል። ተማሪዎቹም ‹መምህሩ አያስተምረንም› ማለት ጀምረዋል። ልተወው ወይስ ላስተካክለው?»

አትተወው፣ አስተካክለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ተማሪዎችህ ሳያነቡ የሚመጡት ሰንፈው ብቻ አይደለም፣ አስልተው ነው። ባያነቡም አንተ እንደምታስረዳቸው ደርሰውበታል። ታዲያ ማን ይለፋ? ያነበበው ልጅም ቢሆን፣ ማታ የለፋበትን ነገር ጠዋት ለሁሉም በነፃ ስታድለው ሲያይ ነገ አያነብም። ማብራሪያህ የዛሬውን ሰዓት ይበላል፣ የነገውን ንባብ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ክፍለ ጊዜውን ንባቡን መልሰህ በማስተማር አትክፈት። በቃ።

«ያላነበቡትን ታዲያ ምን ላድርጋቸው?» ትለኛለህ። አታስወጣቸው፣ አትቆጣቸውም። ከክፍሉ ኋላ ያሉትን ዴስኮች ለእነሱ ልቀቅ። ያላነበበ እዚያ ይቀመጥ፣ ንባቡን ያንብብ፣ የንባብ ጥያቄዎቹን ይመልስ፣ ሲጨርስ ግሩፑን ይቀላቀል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኋላው ጢም ብሎ ይሞላል። አትደንግጥ፣ ከፊት ያሉትን ይዘህ ቀጥል። ልጆች አንድ ሁለቴ ከኋላ ተቀምጠው ጓደኞቻቸው ሲከራከሩና ሲስቁ ካዩ ብዙዎቹ ማታ ደብተር ይከፍታሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ንባቡን እንየው። «ምዕራፍ ሁለትን አንብባችሁ ኑ» ብለህ ከሆነ እኔም አላነብልህም። የፊዚክስ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ አይነበብም። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀመር ካለ ልጁ የቱ ጋ እንደሚቆም፣ የቱን እንደሚያልፍ አያውቅም። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ስጠው፣ በ20 ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ። የትኛውን ሣጥን እንደሚዘል ንገረው። ምሳሌው ጋ ሲደርስ መልሱን በእጁ ሸፍኖ ራሱ እንዲሞክር፣ ከዚያ እንዲገልጥ ንገረው። ይህን መንገር ብቻ አይበቃም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እርሳስ ይዛችሁ አንዱን ገጽ አብራችሁ አንብቡ። አንተ ጮክ ብለህ አንብብ፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ወደ ላይ ልመለስ» እያልክ። እንዴት እንደሚነበብ አይቶ የማያውቅ ልጅ ቤቱ ብቻውን ሊያውቀው አይችልም።

ከንባቡ ጋር ሦስት ጥያቄ ይሂድ። ሦስት ብቻ። ወሳኙ ነገር ከመጽሐፉ ሊገለበጡ የማይችሉ መሆናቸው ነው። «ነፃ ውድቀት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለህ ከጠየቅክ 48 አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይመጣልሃል። ይልቅ እንዲህ በል፦ «አንድ ኳስ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርክ። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ ቬሎሲቲዋ ስንት ነው? አክስለሬሽኗስ? ለምን እንደዚያ እንዳልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ።» ሁለተኛው ጥያቄ ከምሳሌው ይውጣ፣ ለምሳሌ g ፊት የመቀነስ ምልክት ለምን እንደመጣ። ሦስተኛው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ካነበብከው ውስጥ ግር ያለህ የቱ ነው? ምንም ግር ካላለህ ደግሞ የገረመህ የቱ ነው?» ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ላንተ ወርቅ ነው። «ሁሉም ገብቶኛል» ብሎ ማምለጥ እንዳይቻል ያ ሁለተኛው አማራጭ አይቅር።

ማርክ ስጥበት፣ ግን ትንሽ። ለትክክለኛ መልስ ሳይሆን አስቦ ለጻፈ። መልሱ ትክክል ሲሆን ብቻ ማርክ ከሰጠህ ጠዋት በር ላይ መኮራረጅ ይጀመራል። ተሳስቶ የጻፈ ልጅ ለክፍሉ ከሁሉ በላይ ይጠቅምሃል። ቀጥሎ ታየዋለህ።

ይህን ሐሳብ እኔ አልፈጠርኩትም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎቹን አንብበው እንዲመጡ እያደረገ ክፍሉን በጥያቄና በክርክር ነው የሚመራው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ደግሞ በአሜሪካ ኮሎራዶ የነበሩት የኬሚስትሪ መምህራን ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ናቸው፣ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ትምህርታቸውን በቪዲዮ እየቀዱ ቤት እንዲታይ ያደረጉት። በእነሱ ምክንያት ነገሩ ሁሉ ያለ ቪዲዮ የማይሆን የሚመስላቸው አሉ። ይሆናል። ጥሩ ሁለት ገጽ ካለህ ቪዲዮ አትፈልግም።

ወረቀቶቹ ከክፍለ ጊዜው በፊት እጅህ ይግቡ። የክፍል አለቃው ጠዋት ይሰብስብልህ። ካልሆነ በር ላይ ተቀበል። ሁሉንም ማረም አይጠበቅብህም፣ እግዜር ያሳይህ፣ 48 ወረቀት በየቀኑ ማን ያርማል! ሦስት ክምር አድርጋቸው፦ የገባቸው፣ አንድ ዓይነት ስሕተት የሠሩ፣ ባዶ ወይም ጨርሶ ሌላ ነገር የጻፉ። አሥር ደቂቃ ይበቃሃል። መሐለኛውን ክምር አንብብ። የኳሷ ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ «ጫፍ ላይ ስለምትቆም አክስለሬሽኗም ዜሮ ነው» ብለው ታገኛቸዋለህ። ይህ ስሕተት በየትኛውም ክፍል የማይጠፋ ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስም ሳትጠራ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፣ ክፍለ ጊዜህ የሚከፈተው በእሱ ነው።

እንግዲህ 40 ደቂቃህን እናከፋፍለው። የመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ ለድምፅ። ሰሌዳው ላይ ሦስት አማራጭ አለ፦ ጫፍ ላይ አክስለሬሽኗ ዜሮ ነው፣ ወደ ላይ ነው፣ ወደ ታች ነው። አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ብቻቸውን ያስቡ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ሁሉም ጣቱን ደረቱ ላይ ያሳይ። ደረት ላይ የምልህ የጎረቤቱን ጣት አይቶ እንዳይለውጥ ነው። ዐይንህን ጣል አድርግና ገምት። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ትክክል ያሉት፣ ሐሳቡን የያዘው ሰው ስለሚያንስ ክርክሩ አይሄድም። አጭር ፍንጭ ሰጥተህ እንደገና አስመርጥ። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝጋና እለፍ። መሐል ላይ ከሆነ «አጠገብህ ካለውና ካንተ የተለየ ጣት ካሳየው ጋር ሁለት ደቂቃ ተከራከር» በል። እንደገና አስመርጥ። ይህ ከ30 እስከ 70 የሚለው መለኪያ የማዙር ነው።

ክርክሩ ሲካሄድ ጆሮህን ጣል አድርግ። «ቆማ ከቀረች ለምን ትመለሳለች?» የሚል ልጅ አይጠፋም። አክስለሬሽኗ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ቬሎሲቲዋ ዜሮ እንደሆነ ይቀር ነበር፣ ኳሷም አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር። ይህን ካንተ አፍ ከሚሰሙት ከጓደኛቸው ቢሰሙት ይሻላል።

ቀጥሎ 22 ደቂቃ ለዋናው ጥያቄ። ያንተ ግሩፕ ሥራ የተበላሸው እዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አምስት አጫጭር ጥያቄ ከሰጠሃቸው ይከፋፈሉታል፣ ወይም ጎበዙ ይጨርሰዋል። አንድ ጥያቄ ስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን በቀላሉ የማይጨርሰው፣ ግን ከአንድ በላይ መንገድ ያለው። ይኸውልህ፦

«25 ሜትር ከፍታ ካለው ሕንፃ ጣራ ጠርዝ ላይ ሆነህ ኳስ በ20 m/s ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርክ። ኳሷ ስትወርድ ጣራውን ስታ መሬት ላይ ታርፋለች። ከተወረወረች ከስንት ሴኮንድ በኋላ መሬት ትነካለች? በምን ያህል ፍጥነት? g = 10 m/s² ውሰድ። የአየር ሰበቃን ተወው።»

ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ስሌት እንዳያደናቅፋቸው ነው። አንደኛው መንገድ ጉዞውን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። 20 m/s በየሴኮንዱ በ10 እየቀነሰ በ2 ሴኮንድ ዜሮ ይሆናል። እስከዚያ 20 ሜትር ትወጣለች። ስለዚህ ጫፉ ከመሬት 45 ሜትር ነው። ከዚያ 45 = 5t²፣ t = 3። ድምሩ 5 ሴኮንድ፣ ፍጥነቷ 30 m/s። ሁለተኛው መንገድ በአንድ ቀመር ነው፣ ወደ ላይን አዎንታዊ አድርጎ፦

```
-25 = 20t - 5t²
t² - 4t - 5 = 0
(t - 5)(t + 1) = 0
t = 5  ወይም  t = -1
```

እንግዲህ አደራረጉ። ግሩፑ አራት አራት ይሁን፣ 12 ግሩፕ ማለት ነው። አንተ መድባቸው፣ ጓደኛሞች በራሳቸው ከተመዳደቡ ጎበዞቹ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ዝምታ ናቸው። ሁሉም በየራሱ ደብተር ሥዕሉን ይሣል፣ የሚያውቀውንና የሚፈለገውን ይጻፍ። ይህን ዝምታ አትዝለለው። ምንም ሳይጽፍ ወደ ግሩፕ የገባ ልጅ ከመገልበጥ ሌላ ምን ሥራ አለው? ከዚያ ለአንድ ግሩፕ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ። እስክሪብቶውን የሚይዘው ብዙ ማውራት የማይወደው ይሁን። ጎበዙ ይናገር እንጂ አይጻፍ። የማይጽፍ ጎበዝ ማስረዳት ግዴታው ይሆናል።

መገልበጥን የሚገድለው ግን ይህ ነው፦ መጨረሻ ላይ ቁጥር ትጠራለህ። «ግሩፕ ሰባት፣ ቁጥር 3፣ ይህ መቀነስ ከየት መጣ?» የሚመልሰው እሱ ነው፣ ማርኩ የሁሉም ነው። ማን እንደሚጠራ አስቀድሞ አይታወቅም። በሁለተኛው ሳምንት ጎበዞቹ ራሳቸው «አንተ ገብቶሃል? እስኪ ንገረኝ» ማለት ሲጀምሩ ትሰማለህ። ማርኳ ትንሽ ትሁን፣ ካበዛሃት ደካማውን ልጅ ይጣሉበታል።

እነሱ ሲሠሩ አንተ ትዞራለህ። እጅህ ወደ እስክሪብቶ እንዳይሄድ ተጠንቀቅ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፣ በተለይ ማስረዳት ለምንወድ ሰዎች። ወረቀታቸውን እያየህ የት እንዳሉ ታውቃለህ። መልሳቸው 3 ከሆነ ወደ ላይ የወጣችበትን ጊዜ ረስተዋል። «3 ሴኮንዱ ከየት ተነሥታ ነው?» በላቸውና ሂድ። መልሳቸው 1 ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ -25 = -20t - 5t² ብለው መጻፋቸው ነው፣ ማለትም ኳሷን ወደ ታች ወርውረዋታል። ሌላው -1 አግኝተው መቀነሱን «ጊዜ ኔጌቲቭ አይሆንም» ብለው ማጥፋታቸው ነው። ሁለቱ ስሕተት መልሳቸው አንድ ነው፣ በሽታቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ መልሱን ብቻ አትይ፣ የመጀመሪያውን መሥመር እይ። አንዳንዱ ግሩፕ ደግሞ ካሬ ሥር ውስጥ ኔጌቲቭ ገብቶበት ተገትሮ ታገኘዋለህ። እሱ +25 ብሎ የጻፈ ነው። ኳሷ 25 ሜትር ወደ ላይ እንድትደርስለት እየጠየቀ ነው፣ እሷ ግን ከ20 አትዘልም። «መልስ የለውም» ሲልህ «ትክክል ነህ፣ ለጠየቅከው ጥያቄ መልስ የለውም። ምን ጠየቅክ?» በለው። ቀድሞ የጨረሰ ግሩፕ ካለ አዲስ ጥያቄ አትስጠው። «በሌላው መንገድ ሥሩትና እዚያው ድረሱ» በል።

የቀረው አሥር ደቂቃ ያንተ ነው። አሁን አስረዳ! ማስረዳት ተከልክሏል ያለህ የለም። አሁን ጆሮ ታገኛለህ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጥያቄ ይዟል። ሁለት ግሩፕ በተለያየ መንገድ የሠራውን ሰሌዳ ላይ ያውጣ፣ አንተ አገናኝላቸው። ከዚያ ያቺን -1 አንሣ። «ዝም ብለን እንጣላት?» በል። ኳሷ ከጣራው ላይ ሳትሆን ከመሬት ተወርውራ ጣራው ጋ ስትደርስ 20 m/s ቢቀራት ኖሮ፣ መሬቱን የለቀቀችው ከ1 ሴኮንድ በፊት ነበር፣ በ30 m/s። ቀመሩ ማን እንደወረወራት አያውቅም። እኔ ከዚህ ጥያቄ የምወደው ይህችን ነው።

መውጫ ላይ እያንዳንዱ ብቻውን በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ «ያችኑ ኳስ በዚያው 20 m/s ወደ ታች ብትወረውራት መሬት ስትነካ ፍጥነቷ ወደ ላይ ስትወረውራት መሬት ከነካችበት ፍጥነት ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው?» እኩል ነው፣ 30 m/s። ወደ ላይ የተወረወረችው ስትመለስ ጣራው ጋ በዚያው በ20 ወደ ታች ነው የምታልፈው። ብዙው ልጅ ይህን ከያዘ ግሩፑ ሠርቷል። ካልያዘ ግሩፖቹ ውስጥ ገና መገልበጥ አለ ማለት ነው፣ የነገውን መክፈቻ ጥያቄህን እዚያው አገኘህ።

«መምህሩ አያስተምረንም» ስላሉት። አትቀየማቸው፣ ስሜታቸው እውነት ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናት አለ። እየተወያዩ ጥያቄ የሠሩት ተማሪዎች በፈተና ጥሩ ሌክቸር ካዳመጡት በልጠው ተገኙ። «ምን ያህል የተማራችሁ ይመስላችኋል?» ሲባሉ ግን ያነሰ ነው ያሉት እነሱ ናቸው። ጥሩ ሌክቸር ሁሉም ነገር የገባህ ያስመስላል፣ ስትታገል ደግሞ የማታውቅ ይመስልሃል። ይህን ለተማሪዎችህ ቁጭ አድርገህ ንገራቸው። ለወላጆችም ለርዕሰ መምህሩም ንገር፣ ሰምተው ሳይጠሩህ በፊት።

ሁሉንም ትምህርት ግን እንዲህ አታድርግ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ካደረግከው አንተም እነሱም ትደክማላችሁ። ሌላው መምህር ሁሉ የቤት ሥራ እንደሚሰጣቸው አትርሳ። በሳምንት አንዴ ጀምር፣ ሲለምዱት ሁለቴ አድርገው። ጨርሶ አይተውት የማያውቁትን ነገር፣ ለምሳሌ ስለ መግነጢስ መስክ የመጀመሪያውን ቀን፣ ማንበቢያ አታድርገው። መጀመሪያ በዐይናቸው ይዩት፣ ከዚያ ያንብቡ። የመጽሐፉ ገጽ ለአንተም ግር ካለህ ደግሞ ራስህ አንድ ገጽ ጻፍላቸው።

ሥርዓተ ትምህርቱ ሳያልቅ እንዳይቀር ትሰጋ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚሠራ ቀርፋፋ ይመስላል። ግን ትርጉሙንና ቀመሩን ሰሌዳ ላይ የምትጽፍበት፣ እነሱም የሚገለብጡበት ጊዜ ወደ ቤት ሄዷል። ኖት ማስጻፉን ትተህ ከሆነ ሰዓቱ ይበቃሃል። ኖትም ታስጽፋለህ፣ ግሩፕም ታሠራለህ ከሆነ ግን አይበቃህም፣ አንዱን ምረጥ።

ወደ ኋላ ዴስኮቹ ልመለስ ብዬህ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላም እዚያው የሚቀሩ ጥቂት ልጆች ይኖራሉ። እነሱን ለብቻ አነጋግር፣ ክፍል ውስጥ አይደለም። አንዳንዱ ማታ ሥራ አለበት፣ ወይም ቤቱ ጸጥ ያለ ጥግ የለውም። ለእሱ ንባቡን ሁለት ቀን ቀድመህ ስጠውና በእረፍት ወይም በባዶ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ ይጨርሰው። አንዳንዱ ደግሞ አንቀጹን አንብቦ አይገባውም። ይህን የምታውቀው ጮክ ብሎ እንዲያነብልህ ስትጠይቀው ነው። ለዚህኛው ሦስት ገጹ ይቅርና አንዱን ምሳሌ ብቻ ስጠው፣ መልሱን ሸፍኖ ሠርቶ እንዲመጣ።